ከጭንቅላት የቀጠነ ወገብ

እ.ኤ.አ. በ2009 መገባደጃ ላይ ጃፓን ውስጥ የወጣ አንድ የጂንስ ማስታወቂያ በኢንተርኔት መዞር ጀመረ። ማስታወቂያው የታዋቂው የአሜሪካ ልብስ አምራች የራልፍ ሎረን ነው። ፎቶው ላይ አንዲት ወጣት ሞዴል ቆማለች፤ ፊቷ ያምራል፣ ልብሱም ልኳ ይመስላል። ተመልካቹ ዓይኑን ከፊቷ ወደ ታች ሲያወርድ ግን አንድ ነገር ይቆረቁረዋል፤ ወገቧ ከጭንቅላቷ ይጠባል። ዳሌዋም ቢሆን ከጭንቅላቷ እምብዛም አይሰፋም። እንዲህ ያለ አካል ያለው ሰው በሕይወት መቆም እንደማይችል ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

የፎቶሾፕ ስህተቶችን እየለቀመ የሚያሳይ አንድ ብሎግ ምስሉን ለጠፈው፣ ቦይንግ ቦይንግ የተባለው ስመ ጥር ብሎግም ተቀብሎ አሰራጨው። ኩባንያው በዚህ ጊዜ ዝም ቢል ኖሮ ነገሩ በሳምንቱ ይረሳ ነበር። እሱ ግን ጠበቆቹን አስነሳና የቅጂ መብታችን ተነክቷልና ምስሉን አውርዱ የሚል ደብዳቤ አስላከ። ቦይንግ ቦይንግ አላወርድም አለ፤ ጭራሽ በደብዳቤው እያሾፈ እንደገና ጻፈበት። ጥቂት መቶ ሰዎች አይተው ስቀውበት የሚያልፉት ፎቶ የዓለም ዜና ሆነ። በመጨረሻ ኩባንያው የሴቲቱን አካል ክፉኛ ላዛባው ደካማ የምስል ሥራ ኃላፊነቱ የራሱ መሆኑን በመግለጫ አመነ፣ ዳግም እንዳይከሰት እንደሚጠነቀቅም ተናገረ።

ሞዴሏ ፊሊፓ ሃሚልተን ትባላለች። ያኔ የ23 ዓመት ወጣት ስትሆን ከኩባንያው ጋር መሥራት የጀመረችው ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ላይ ሳለች ነው። ቁመቷ 178 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቷ 54 ኪሎ ገደማ ነበር። ውዝግቡ ሲጦፍ ለአሜሪካ መገናኛ ብዙኃን እንደተናገረችው፣ ኩባንያው ከጥቂት ወራት በፊት ውሏን ያቋረጠው ልብሶቹ አልሆን ስላሏት ነው። ኩባንያው በበኩሉ ውሉ የተቋረጠው ግዴታዋን መወጣት ስላልቻለች ነው ብሎ ተከራከረ። ማናቸው ትክክል እንደሆኑ ከውጭ ሆኖ መፍረድ አይቻልም። የማያከራክረው ነገር ግን አለ፤ ለአብዛኛው ሰው ከሲታ የምትባል 54 ኪሎ ሴት ፎቶዋ ላይ ለማስታወቂያ የሚበቃ ቅጥነት አልተገኘባትም፤ የቀረውን ኮምፒውተር ሞላው።

ይህ ሥራ እንዴት እንደሚሠራ ማየቱ ክርክሩን ለመረዳት ይረዳል። በፎቶሾፕ ውስጥ ሊኩዊፋይ የሚባል መሣሪያ አለ፤ ከ2000 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከፕሮግራሙ ጋር አብሮ ይመጣል። ምስሉን እንደ ሊጥ የሚገፋ፣ የሚጎትት፣ የሚያሳብጥና የሚያኮማትር ብሩሽ ነው። ኤዲተሩ ሰፋ ያለ ብሩሽ ይመርጥና ከወገቡ ውጪ ካለው ባዶ ቦታ ተነስቶ ወደ ውስጥ ይገፋል። ከወገቡ አጠገብ ክንድ ካለ አብሮ እንዳይጣመም ቀድሞ በመሸፈኛ «ያቀዘቅዘዋል»። አንድ ሁለት ጊዜ ገፋ ማድረግ በቂ ነው፤ ቡና ቀርቦ ሳይጠጣ ያልቃል።

ልኬቱን ለማየት ያህል አንድ ምሳሌ እንውሰድ። 178 ሴንቲ ሜትር የምትረዝም ሴት በፎቶው ላይ ከእግር እስከ ራስ 4,000 ፒክስል ሞልታለች እንበል። አንድ ፒክስል ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም ማለት ነው። ከፊት ለፊት ሲታይ ወገቧ 24 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል ብንል፣ ኤዲተሩ ከቀኝ 60 ፒክስል ከግራ 60 ፒክስል ቢገፋ ከአምስት ሴንቲ ሜትር በላይ ይጠፋል፤ ወገቡ ወደ 19 ሴንቲ ሜትር ግድም ይወርዳል። ሙሉው ምስል በስክሪን ላይ አንሶ ሲታይ 60 ፒክስል ማለት የጣት ጥፍር ጠርዝ ታህል ጠባብ መስመር ናት፤ ሠሪው ራሱ ብዙ የነካ አይመስለውም። የሰው ጭንቅላት ከፊት ሲታይ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት አለው። ወገብን ከዚያ በታች ለማውረድ ታዲያ ከእያንዳንዱ ጎን መቶ ፒክስል ትንሽ አለፍ ብሎ መግፋት ይበቃል። ከ«ትንሽ እናስተካክላት» እስከ ጃፓኑ ማስታወቂያ ድረስ ያለው ርቀት በጎን 40 ፒክስል ነው።

ጥፋቱ በአንድ ሰው እጅ ብቻ እንደማይፈጸምም የሙያው ሰዎች ያውቁታል። ፎቶው ከአንሺው ወደ ኤዲተሩ፣ ከዚያ ወደ ማስታወቂያ ድርጅቱ፣ ከዚያም ወደ ደንበኛው ይሄዳል፤ በየደረጃው «እዚህ ጋ ጥቂት ቀነስ» የሚል አስተያየት ይመጣል። ሁለተኛው አስተያየት ሰጪ የሚያየው መጀመሪያ የተነሳውን ፎቶ ሳይሆን አንዴ የቀጠነውን ነው። ሦስተኛውም እንዲሁ። ዓይን ቶሎ ይለምዳል፤ ዋናው ፎቶ ከጎን ካልተቀመጠ ማንም የት እንደደረሰ አያውቅም።

የተነካካ ምስል ግን ብዙ ጊዜ ዱካ ይተዋል። ሊኩዊፋይ የሚገፋው አካሉን ብቻ ሳይሆን ከጀርባው ያለውንም ነው። ስለዚህ ከሞዴሏ ጀርባ የበር መቃን፣ የሰድር መስመር ወይም የባሕር ዳርቻ ካለ ወገቧ አጠገብ ሲደርስ ወደ እሷ ጎበጥ ይላል። ባለ መስመር ወይም ባለ አራት ማዕዘን ጥለት ጨርቅ ከለበሰችም ጥለቱ በዚያ ቦታ ይጨመቃል። አንዳንዱ ኤዲተር ጥላውን ይረሳል፤ ሴትየዋ ቀጥናለች፣ ግድግዳው ላይ ያረፈው ጥላዋ ግን ድሮ እንደነበረው ነው። መስታወትም እንዲሁ ያጋልጣል። በ2014 የአሜሪካው ታርጌት መደብር ለወጣቶች ያቀረበውን የዋና ልብስ ፎቶ ጭኖቿ የተራራቁ እንዲመስሉ ሲቆርጥ ከልብሱ ላይ አብሮ ቆርጦ ይቅርታ ለመጠየቅ ተገዷል። በእርግጥ በዚህ መንገድ የሚያዘው ሰነፉ ኤዲተር ነው። ጎበዙ ጀርባውን ለብቻው አውጥቶ ያስተካክልና መልሶ ይገጥመዋል፤ ዱካው በዓይን አይገኝም።

ታዲያ ማስታወቂያ ሁሉ እንደተነሳ ይውጣ ማለት ነው? እንዲህ ብሎ የሚከራከር ባለሙያ የለም። የካሜራው ሴንሰር ላይ ያረፈ አቧራ ፎቶው ላይ ነጥብ ይሠራል፤ ይጠረጋል። ካሜራው ቆዳን ወደ ቢጫ ከወሰደው ይመለሳል። ፎቶ ሲነሳ ቆይቶ በግንባር ላይ የተበተነ አንድ ዘለላ ፀጉር ማንንም አያታልልም። እዚህም አገር ቢሆን በፊልም ዘመን የነበሩ ፎቶ ቤቶች ሬቱሽ የሚሉት ሥራ ነበራቸው፤ በቀጭን እርሳስ ኔጋቲቩ ላይ ጠባሳና ጥላ እያለሰለሱ ያትሙ ነበር። ደንበኛውም ያውቃል፣ ጠይቆም ያሠራል፤ ፎቶው የሚሰቀለው እሱው ሳሎን ውስጥ ነው።

ብዙ ኤዲተሮች የሚመሩበት አንድ የልማድ ደንብ አለ። በሳምንት ሁለት ሳምንት ውስጥ በራሱ የሚጠፋ ነገር ሊነሳ ይችላል፤ የማይጠፋው ይቀራል። ብጉር ይነሳል፣ ማርያም የሳመቻት ምልክት ግን አይነካም። እንቅልፍ በማጣት የቀላ ዓይን ይነጻል፣ የዓይኑ መጠን ግን አይጨመርም። ደንቡ ጥሩ ነው፤ ምክንያቱም ፎቶው የዚያች ሰው ፎቶ ሆኖ ይቆያል። ሞዴሏን መንገድ ላይ ያገኛት ሰው እሷ መሆኗን ያውቃል። ሆኖም ደንቡ የሚሠራው ስለ ሰውየዋ ብቻ ሲታሰብ ነው። ማስታወቂያ ደግሞ ስለ ሰው ብቻ አይናገርም፤ የሚሸጠው ዕቃ አለው። ደንቡ የሚሰናከለውም እዚያ ላይ ነው።

ለዚህ ከሁሉ ግልጽ የሆነው ምሳሌ በ2009 ብሪታንያ ውስጥ የቀረበው የትዊጊ ጉዳይ ይመስላል። ትዊጊ የ1960ዎቹ ዝነኛ ሞዴል ናት፤ ያን ጊዜ 60 ዓመቷ ነበር። ኦሌይ የተባለው መዋቢያ ለዓይን አካባቢ የሚቀባ ቅባት ሲያስተዋውቅ የእሷን ፎቶ ተጠቀመ። ቅባቱ ከዓይን ሥር ያለውን ጥቁረትና መጨማደድ እንደሚያሳንስ ማስታወቂያው ይናገራል፤ ፎቶው ላይ ያለው የትዊጊ ዓይን ዙሪያም እንደ ወጣት ለስላሳ ነው። ጆ ስዊንሰን የተባሉ የፓርላማ አባል ዘመቻ ጀምረው ከ700 በላይ አቤቱታ አሰባሰቡ። የቅባቱ አምራች ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል በዓይኗ ዙሪያ «ጥቂት» ማስተካከያ መደረጉን አመነ፣ ማስታወቂያውንም ባልተነካ ፎቶ ተካው።

ጥቂት መሆኑ እውነት ሊሆን ይችላል። ከጃፓኑ ወገብ ጋር ቢወዳደር ምንም አይደለም፤ አጥንት አልተነካም፣ ፊቷም ያው የትዊጊ ፊት ነው። ግን የተነካው ቦታ ቅባቱ እሠራለሁ የሚልበት ያ ቦታ ነው። ገዢዋ ፎቶውን አይታ ቅባቱ የሠራውን ያየች ይመስላታል፤ ያየችው ኤዲተሩ የሠራውን ነው። የብሪታንያ የማስታወቂያ ደረጃዎች ባለሥልጣንም ማስታወቂያው አሳሳች ነው ሲል ወሰነ። በዚያው ውሳኔ ግን ማስታወቂያው ለኅብረተሰቡ ኃላፊነት የጎደለው ነው የሚለውን ክስ አልተቀበለም። ይህ ልዩነት ሊጤን ይገባዋል፤ ገዢን ማታለልና ተመልካችን መጉዳት ሁለት የተለያዩ ክሶች ናቸው፣ አንዱ ሲረታ ሌላው ሊወድቅ ይችላል።

ከሁለት ዓመት በኋላ እኚሁ የፓርላማ አባል ሁለት ሌሎች ማስታወቂያዎችን ከሰሱ። አንዱ ጁሊያ ሮበርትስ የታየችበት የላንኮም ፋውንዴሽን ነው፣ ሌላው ክሪስቲ ተርሊንግተን የቀረበችበት የሜይቤሊን ምርት፤ የሁለቱም ባለቤት ሎሬያል ነው። ስለ ተርሊንግተን ፎቶ ሎሬያል የተደረገውን ዘርዝሮ ተናገረ፤ ቆዳዋ ፈካ ተደርጓል፣ በዓይኗ ዙሪያ ያለው ጥላ ቀንሷል፣ ከንፈሯ ለስልሷል፣ ቅንድቧ ጠቁሯል። በሮበርትስ በኩል ደግሞ ዋናውን ፎቶ ማየት አልተቻለም፤ ከተዋናይቷ ጋር ያለው ውል አይፈቅድም ተባለ። ባለሥልጣኑ ሁለቱንም በ2011 አገደ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ዋናው ፎቶ ካልታየ ምርቱ በእርግጥ ያንን ውጤት እንደሚያስገኝ የሚያሳይ ነገር የለም፤ ማስረዳት ያለበት ደግሞ ከሳሹ ሳይሆን አስተዋዋቂው ነው። ከዚህ ውሳኔ አንድ ጠንካራ የሥራ ደንብ ይወጣል፦ የፋውንዴሽን ማስታወቂያ ላይ ከጀርባ ያለውን መጋረጃ ቀለም መቀየር ችግር የለውም፤ ቆዳውን በትንሹም ማለስለስ ግን የምርቱን ሥራ ለምርቱ መሥራት ነው።

ልብስም ምርት ነው። የጂንስ ማስታወቂያ ላይ ወገብ ሲቀጥን ሰው ሁሉ የሚያስበው ስለ ሴትየዋ ነው፤ ጂንሱም ግን አብሮ ተዋሽቶበታል። በዚያ ፎቶ ላይ ያለው ሱሪ የተሰፋው ለማንም አይደለም፤ እንደዚያ ተስተካክሎ የሚቀመጥበት አካል የለም። ልብስ ሻጮች ከፎቶሾፕ በፊትም የራሳቸው ዘዴ ነበራቸው። ሰፊውን ቀሚስ በሞዴሏ ጀርባ በክሊፕ ይይዙታል፤ ከፊት ሲታይ እንደ ልክ ተሰፍቶላት ይመስላል። ይኼ ዛሬም በየስቱዲዮው የሚሠራ ነው፣ ብዙም የሚወቀስ አይደለም። ወቀሳ ይገባዋል ማለት ግን ይቻላል፤ ልብሱን በፖስታ አስመጥታ የለበሰች ሴት ከጀርባዋ ክሊፕ የላትም።

ሁለተኛው ክስ፣ ማለትም የተመልካቹ ጉዳት፣ ከዚህ የከበደ ነው፤ ለማስረዳትም ያስቸግራል። በሰኔ 2011 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር በተለይ ለታዳጊዎች የሚወጡ ማስታወቂያዎች የሰውነትን ቅርፅ ከእውነታ በራቀ መልክ እንዳይለውጡ መመሪያ እንዲዘጋጅ ጠየቀ። መግለጫው ምሳሌ አድርጎ ያነሳው ወገቧ ከመቅጠኑ የተነሳ ጭንቅላቷ ከወገቧ ሰፍቶ የታየችን ሞዴል ነው። የሐኪሞቹ ሥጋት ልጆች አንድን ፎቶ አይተው ይታመማሉ የሚል አይደለም። በየቀኑ በየመንገዱ፣ በየመጽሔቱና በየስልኩ የሚያዩት አካል ሁሉ በአንድ አቅጣጫ ከተገፋ የጤነኛ ሰው ልክ ምን እንደሆነ ያላቸው ግምት አብሮ ይገፋል ነው። ለአመጋገብ መታወክ ተጋላጭ ለሆነች ልጅ ደግሞ ይህ የፋሽን ጨዋታ አይደለም።

በዚህ ላይ ብዙ ሰው የማይጠብቀው ተቃራኒ ታሪክ አለ። በዚያው በ2009 የብሪቲሽ ቮግ ዋና አዘጋጅ የነበሩት አሌክሳንድራ ሹልማን ለታላላቅ ዲዛይነሮች ደብዳቤ ጽፈው ነበር። ለፎቶ የምትልኩልን የናሙና ልብስ እጅግ ከማነሱ የተነሳ አጥንታቸው ያገጠጠ ሞዴሎችን ለመቅጠር እየተገደድን ነው፣ ፎቶውንም ሞዴሎቹ ሞላ ብለው እንዲታዩ ብዙ ጊዜ እያስተካከልን ነው የሚል ይዘት ነበረው። ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። አንዱ ዘንድ ጤነኛዋ ትቀጥናለች፣ ሌላው ዘንድ የተራበችው ትሞላለች። ሁለተኛው ደግነት ሊመስል ይችላል፤ የጎድን አጥንት ተሸፍኗል፣ ጉንጭ ሞልቷል፣ ተመልካቹም አልደነገጠም። በውጤቱ ግን ከመጀመሪያው የሚሻል አይደለም። አንባቢዋ ያንን ዓይነት ቅጥነት የሚያስከፍለውን ዋጋ አታይም፤ ጠባቡ ወገብ ይቀርላታል፣ የገረጣው ፊትና ያገጠጠው አጥንት ይሰወራል። የፈረንሳይ ሕግ አውጪዎች በኋላ ደንብ ሲያወጡ ማቅጠንን ብቻ ሳይሆን ማወፈርንም ያካተቱት ያለ ነገር አይደለም።

የፎቶው ባለቤቶችስ ምን ይላሉ? ውላቸው ዝም ስለሚያሰኛቸው ብዙዎቹ አይናገሩም። ከማስታወቂያው ወጣ ብሎ መጽሔቶች ላይ ግን የተናገሩ አሉ። በ2003 የብሪታንያው ጂኪው መጽሔት ኬት ዊንስሌትን ሽፋኑ ላይ ሲያወጣ እግሮቿን አቅጥኖ ነበር፤ ተዋናይቷ እኔ እንደዚያ አይደለሁም፣ መሆንም አልፈልግም ብላ በአደባባይ ተናገረች። በ2015 ደግሞ የ19 ዓመቷ ዜንዳያ ዳሌዋና ወገቧ ተቆርጦ ባየች ጊዜ የተነካውንና ያልተነካውን ፎቶ ጎን ለጎን ኢንስታግራም ላይ ለጠፈች፤ መጽሔቱም ማስተካከያውን ለማውረድ ተገደደ። የሁለቱ ቅሬታ ስለ ገዢም ስለ ተመልካችም አይደለም። ፊቴና ስሜ አብሮኝ ሳለ የማላውቀው አካል ለምን ይገጠምልኛል ነው።

ወሰኑን በቁጥር ለማስቀመጥ የሞከሩ ሰዎችም አሉ። በአሜሪካ የዳርትማውዝ ኮሌጅ ተመራማሪዎቹ ኤሪክ ኪና ሃኒ ፋሪድ በ2011 ያሳተሙት ጥናት ከመነካቱ በፊትና በኋላ የተወሰዱ 468 ጥንድ ፎቶዎችን ሰብስቦ ለ390 ሰዎች አሳየ። ተመልካቾቹ ሁለቱ ፎቶዎች ምን ያህል እንደሚለያዩ ከአንድ እስከ አምስት ነጥብ ሰጡ፤ አንድ ማለት አንድ ዓይነት ናቸው፣ አምስት ማለት በጣም ተራርቀዋል ነው። ከዚያ ተመራማሪዎቹ የሰውን ፍርድ የሚገምት ፕሮግራም ሠሩ። ፕሮግራሙ ሁለት ነገሮችን ለይቶ ይለካል፤ አንደኛው የቅርፅ ለውጥ ነው፣ ማለትም ነጥቦች ከቦታቸው ምን ያህል እንደተገፉ፤ ሁለተኛው የገጽታ ለውጥ ነው፣ ማለትም ቆዳ ምን ያህል እንደለሰለሰ ወይም እንደተሳለ። ሐሳባቸው ማስታወቂያ «ተነክቷል» ወይም «አልተነካም» ከሚባል ይልቅ ምን ያህል እንደተነካ በቁጥር ቢጻፍበት የሚል ነበር። ዛሬ ሁሉም ፎቶ በጥቂቱም ቢሆን ይነካልና «ተነክቷል» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይነግርም ከሚል መነሻ ነው። ሐሳቡ ይማርካል፤ ግን የትዊጊ ዓይን በዚህ ሚዛን አንድ ነጥብ ከምናምን ቢያገኝ አይደንቅም። ሚዛኑ ስንት ኪሎ እንደተነካ እንጂ የት እንደተነካ አይጠይቅም።

መንግሥታት የመረጡት ቀለል ያለውን መንገድ ነው፤ ምልክት ማስለጠፍ። ቀዳሚዋ እስራኤል ናት። የክኔሴት አባልና ሐኪም የሆኑት ራሔል አዳቶ፣ ብዙ ሞዴሎችን ሲያሠራ ከኖረው ፎቶግራፍ አንሺ አዲ ባርካን ጋር ገፍተውበት በ2012 የጸደቀው ሕግ ሁለት ነገር ያዛል። ከቁመቷ አንጻር ክብደቷ ከተወሰነው ልክ በታች የሆነች ሞዴል ማስታወቂያ ላይ አትሠራም። በኮምፒውተር የቀጠነ አካል ያለበት ማስታወቂያ ደግሞ ከስፋቱ ቢያንስ 7 በመቶ የሚሸፍን ማሳሰቢያ ይለጠፍበታል። ፈረንሳይ ከጥቅምት 1 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሞዴል ቅርፅ የተለወጠበት የንግድ ፎቶ ሁሉ «የተስተካከለ ፎቶ» የሚል ጽሑፍ እንዲይዝ አዘዘች፤ ቅጣቱ 37,500 ዩሮ ነው፣ ወደ ማስታወቂያው ወጪ 30 በመቶም ሊያድግ ይችላል። ግዙፉ የፎቶ ሻጭ ጌቲ ኢሜጅስ በዚያው ዕለት ቅርፃቸው የተለወጠ ሞዴሎች ያሉበትን አዲስ የማስታወቂያ ፎቶ መቀበል አቆመ። ኖርዌይ ከሐምሌ 2022 ጀምሮ ደንቡን ገንዘብ ተከፍሏቸው ለሚያስተዋውቁ የማኅበራዊ ሚዲያ ሰዎችም አደረገችው፤ እዚያ የአካል መጠንና ቅርፅ ብቻ ሳይሆን ቆዳም ይቆጠራል፣ የሴት ወገብ ብቻ ሳይሆን የወንድ ጡንቻም። ኢትዮጵያ ውስጥ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 አሳሳች ማስታወቂያን ከልክሏል፤ የዓይን ቅባቱን ዓይነት ጉዳይ ለመዳኘት ይህ ይበቃ ይሆናል፣ ለወገቡ ግን አይመስልም።

ምልክቱ ይሠራል ወይ የሚለው ጥያቄ ብዙ ተጠንቷል፣ መልሱም ለሕግ አውጪዎቹ ደስ የሚል አይደለም። በአውስትራሊያ የፍሊንደርስ ዩኒቨርሲቲዋ ማሪካ ቲግማንና የሥራ ባልደረቦቿ የፋሽን ማስታወቂያዎችን ማሳሰቢያ ለጥፈውና ሳይለጥፉ ለሴቶች በተደጋጋሚ አሳይተዋል። ማሳሰቢያው ሴቶቹ በራሳቸው አካል ላይ ያደረባቸውን ቅሬታ አልቀነሰውም። ይባስ ብሎ «ወገቧና ጭኗ ተስተካክሏል» እንደሚለው ዝርዝር ማሳሰቢያ ሲሆን፣ ተመልካቿ ሳታስተውል ልታልፈው የነበረውን ወገብ መልሳ እንድታየው የሚያደርግበት ጊዜ አለ። ምስሉ ሐሰት መሆኑን ማወቅ ከምስሉ ጋር ራስን ማወዳደርን አያስቆምም። ስለዚህ ምልክቱ ለታለመለት ሰው ብዙም አልጠቀመም ማለት ይቻላል። ጥቅም ካለው የሚገኘው በሌላ በኩል ነው፤ ማስታወቂያው ላይ «የተስተካከለ» የሚል ጽሑፍ እንዲያርፍበት የማይፈልግ ኩባንያ ኤዲተሩን ወገቡን ተወው ይለዋል። የጌቲ ውሳኔም ይህንኑ ያሳያል።

ይህም ቢሆን ቀዳዳ አለው። የፈረንሳይ ደንብ የሚናገረው በምስል ማስተካከያ ሶፍትዌር ስለተለወጠ አካል ነው። ፎቶግራፍ አንሺው ሰፊ ሌንስ ገጥሞ፣ ካሜራውን ወደ ጉልበት ዝቅ አድርጎ፣ ከሞዴሏ እግር በጣም ቀርቦ ቢያነሳ እግሯ ከላይኛው አካሏ ተለይቶ ይረዝማል፣ ጭንቅላቷም ያንሳል። ከአንድ ጎን ብቻ የሚመታ ብርሃን ደግሞ ግማሽ ወገቧን በጥላ ይውጠዋል። ማንም ኮምፒውተር አልከፈተም፤ ፎቶው ላይ የሚለጠፍ ጽሑፍም አይኖርም።